ለጅማ የትኛዋ ትሻላለች? ትንሿ ባለ ቱርቦ ወይስ የድሮዋ ቤንዚን መኪና

ጅማ ውስጥ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው ውሎ አድሮ ሁለት ምርጫ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አንደኛዋ ሁላችንም የለመድናት ናት። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ የድሮ ኮሮላ። ቱርቦ የላትም፤ አየሩን በራሷ ስባ ነው የምትሠራው። ሁለተኛዋ ደግሞ 1.0፣ 1.2 ወይም 1.4 ሊትር ሞተር ይዛ ቱርቦ የተገጠመላት ዘመናዊ መኪና ናት። ወጣ ያለች፣ ፈጣን፣ ለዓይን የምትማርክ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ሁለቱንም የምናገኘው ያገለገሉ ሆነው ነው። ስለዚህ የምንገዛው መኪናዋን ብቻ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት ሲያጠጣት የኖረውን ዘይትና ቤንዚን አብረን እንገዛለን። በሁለቱ ሞተሮች መካከል ትልቁ ልዩነት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ደላላው ስለ ጎማና ስለ ቀለም ሲያወራ እናንተ ስለ ዘይት ጠይቁ።

ከፍታው ለማን ያደላል?

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ስለሚስብ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን እዚሁ ያጣል። አራት ሰው ጭናችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትወጡ ቪትዟ ቶሎ ማርሽ ቀንሱልኝ የምትለው ለዚህ ነው። ቱርቦው ግን በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ያስገባል። ከፍታው ያጎደለውን ይሞላዋል። ዳገት ላይ ሁለቱን የነዳ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ይህን ሻጭ ሁሉ ይነግራችኋል። ብዙም የማይነገረው ሌላኛው ጎን ነው።

ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ከመጠን በላይ ሲታመቅና ሲሞቅ ካንዴላው ካስነሳው እሳት ተለይቶ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል የምንለው ያኔ ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥርም ቤንዚኑ ይህን ምን ያህል እንደሚቋቋም ያሳያል። አሁን ልብ በሉ። የጅማ አየር ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ዝቅ ያለ ነው። ግፊቱ ዝቅ ሲል ማንኳኳቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 91 ኦክቴን የሚፈልግ የድሮ ሞተር እዚህ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ባለውም ያለ ችግር ይሠራል። ከፍታው ጉልበቱን ቢወስድበትም በነዳጅ በኩል ይክሰዋል።

ቱርቦው ይህን ካሳ አያገኝም። ግፊቱን መልሶ ስለሚሞላው የኦክቴን ፍላጎቱንም አብሮ ይመልሳል። ብዙዎቹ ትናንሽ ባለ ቱርቦዎች፣ በተለይ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት፣ 95 ኦክቴን ይጠይቃሉ። የነዳጅ መቅጃውን ክዳን ከፍታችሁ ከውስጥ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ እዚያው ተጽፏል። እኛ ማደያ ስንገባ ግን የትኛውን ልቅዳ ብሎ የሚጠይቀን የለም። ቤንዚን አንድ ነው።

ይህ ማለት ባለ ቱርቦዋ ወዲያው ትበላሻለች ማለት አይደለም። ሞተሩ ላይ ማንኳኳት የሚያዳምጥ ሴንሰር አለ። ሲሰማ ኮምፒውተሩ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፤ ሞተሩም ይተርፋል። ዋጋው ጉልበት መቀነስና ቤንዚን መብላት ነው። ለዚህ ነው በወረቀት ላይ ቆጣቢ የተባለችው መኪና ዳገት በሚበዛበት መንገድ ላይ ከቪትዝ እኩል የምትጠጣው። ሜዳው ላይ፣ ወደ ሰርቦና አሰንዳቦ በ80 ፍጥነት ረጋ ብላችሁ ስትነዱ ግን ቁጠባው እውነት ነው። እግራችሁ ከባድ ከሆነ ቱርቦ ለቁጠባ ብላችሁ አትግዙ።

ዘይቱ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል

የድሮዋን ሞተር ዘይት በቀላሉ እንጨርሰው። የቪትዟ 1.3 ሞተር ወደ 3.5 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። 10ደብሊው-40 ወይም 15ደብሊው-40፣ ከታወቀ ሻጭ የተገዛ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋር ይቀየር። በቃ። ዘይት መብላት ብትጀምር እንኳ እየጨመራችሁ ዓመታት ትነዷታላችሁ። ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሞተሩ ይታገሳል ማለቴ ነው።

ቱርቦ ላይ ዘይቱ ሁለት ተጨማሪ ሥራ አለበት።

የመጀመሪያው ቱርቦውን ራሱን መሸከም ነው። የትንሽ ሞተር ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ያ ዘንግ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ብቻ ነው። በአንደኛው ጫፍ ደግሞ በ900 ዲግሪ አካባቢ የሚነድ ጭስ ይመታዋል። ከጊቤ በረሃ ወደ አበልቲ ያለውን ዳገት በሙሉ ጉልበት ወጥታችሁ ወዲያው ብታጠፉት ዘይቱ መዞሩን ያቆምና እዚያው ግለት ላይ ይቀራል። ይቃጠላል፤ ጠንካራ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። በጊዜ ብዛት ቀጭኗን የዘይት መስመር ያጠባታል። ዘንጉ ዘይት ሲያጣ ቱርቦው ያልቃል። ዘመናዊዎቹ ብዙዎቹ ቱርቦውን በውሃ ያቀዘቅዛሉ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ውሃውን የምታዞር ትንሽ ፖምፓ ያላቸው አሉ። ቢሆንም ከዳገት በኋላ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ወይም የመጨረሻውን መንገድ ረጋ ብሎ መንዳት ምንም አያስከፍልም።

ለዚህ ሥራ ሙቀት የሚችል ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5ደብሊው-30። አንዳንዶቹ ከዚያም የቀጠነ ይጠይቃሉ። መመሪያው የሚለውን ተከተሉ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ምክር አለ፦ "አገራችን ሙቀት ስለሆነ ወፍራም ዘይት አድርግ።" ለደከመች አሮጌ ሞተር ይህ ምክር አንዳንዴ ይሠራል። ለቱርቦ ግን ተሳስቷል። ወፍራም ዘይት በቀጭን መስመር ቱርቦው ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ በየማለዳው ያቺ መዘግየት ትደጋገማለች። እንደ ፎርድ 1.0 ኢኮቡስት ባሉ ሞተሮች ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ምርቶች የሞተሩ ጊዜ ጠባቂ ቺንጋ ራሱ ዘይት ውስጥ ነው የሚዞረው። ያልተስማማ ዘይት ቺንጋውን ይፈረፍረዋል፤ ፍርፋሪው የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል።

ሁለተኛው ሥራ የበለጠ ስውር ነው። ስለ ቱርቦ ለምትጠይቁኝ ሁሉ አጥብቄ የምነግራችሁም እሱን ነው። ትንሽ ባለ ቱርቦ ሞተር በዝቅተኛ ዙር፣ በ1,500 አካባቢ፣ ትልቅ ጭነት ሲሸከም አልፎ አልፎ ሲሊንደሩ ውስጥ ካንዴላው ሳይተኩስ አስቀድሞ እሳት ይነሳል። መነሻው ብዙ ጊዜ ፋሻ ከምንላቸው የፒስተን ቀለበቶች ዙሪያ የወጣች የዘይትና የቤንዚን ጠብታ ናት። የሚፈጠረው ግፊት ከተለመደው ማንኳኳት በብዙ ይበልጣል። ሴንሰሩም አይደርስበትም፤ ከተፈጸመ በኋላ ነውና የሚሰማው። አንድ ጊዜ ኃይለኛ "ጓ!" ይላል፤ ያልፋል። ሹፌሩ ድንጋይ የመታ ይመስለዋል። ሲደጋገም የፒስተኑን የፋሻ መቀመጫ ይሰነጥቀዋል።

እዚህ ውስጥ የዘይቱ ኬሚካል ድርሻ አለው። ዘይት ሞተሩን ንጹሕ እንዲያደርግ የሚጨመርበት ማጽጃ በካልሲየም የተሠራ ሲሆን ይህ ክስተት ይበዛል። ከፊሉ በማግኒዥየም ሲተካ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም፣ በአጭሩ ኤፒአይ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. "ኤስኤን ፕላስ" የሚል፣ በ2020 ደግሞ "ኤስፒ" የሚል ደረጃ አወጣ። ሁለቱም ይህን ችግር ለመከላከል የተፈተኑ ናቸው። ቆርቆሮው ወይም ጀሪካኑ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ "ኤፒአይ ኤስፒ" ካለ ለቱርቦ ተስማሚ ነው። ከኤስኤን ፕላስ በፊት የነበረ ደረጃ ብቻ ከሆነ ለቪትዟ ይሁን፤ ለቱርቦዋ አይሁን።

አሁን ወደ ጋራዣችን እንምጣ። በብዙ ጋራዥ ጥግ ላይ አንድ በርሜል ዘይት ይቆማል። 15ደብሊው-40 ነው፤ ለናፍጣም ለቤንዚንም ይሆናል ተብሎ የተሠራ። ለአይሱዙውም ለሚኒባሱም ከዚያው ይቀዳል። መጥፎ ዘይት አይደለም፤ ለናፍጣ ሞተር እንዲያውም ጎበዝ ነው። ግን የናፍጣን ጥላሸት እንዲችል ተብሎ በካልሲየም ማጽጃ የበለጸገ ነው። ቪትዟ ውስጥ ቢገባ ምንም አትልም። ባለ ቱርቦዋ ውስጥ ሲገባ ግን ያንን "ጓ!" መጋበዝ ነው። መካኒኩ በክፋት አይደለም የሚያደርገው። ዘይት ዘይት ነው ብሎ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ትልቅ ከተማ አይደለችም። ከአጂፕ መርካቶ፣ ከመርካቶ ቤት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ጉዞው የሚያልቀው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ቱርቦዎች ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጩ በቀዝቃዛ ሞተር ከፊሉ ግድግዳውን ታክኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ልኩ ሳትጨምሩበት ከፍ ይላል፤ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። መመሪያው በ15,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ቢልም ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትዞር ቱርቦ 5,000ን አታሳልፉ።

የሃይላንድ ቤንዚን

ማደያ ቤንዚን ሲያጣ መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን የሚሸጠው ይወጣል። ሁላችንም ገዝተን እናውቃለን። ሁለት ችግር አለበት፤ ሁለቱም ባለ ቱርቦዋን ይበልጥ ይጎዳሉ።

አንደኛው ላምባ መቀላቀሉ ነው። የላምባ ኦክቴን በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ሲደባለቅ እንኳ ማንኳኳት ያመጣል። ቪትዟ ዳገት ላይ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ትንኳኳለች፤ እግር ስታነሱ ትተዋለች። ቱርቦዋ ላይ ግን ሴንሰሩ የሚችለውን ካዘገየ በኋላ የሚቀረው ፒስተኑ ነው።

ሁለተኛው ቆሻሻና ውሃ ነው። በክረምት፣ ጅማ ዝናቧን ስታወርደው፣ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ውስጥ ምን እንደሚገባ መገመት አያቅትም። የድሮዋ ሞተር ኢንጀክተሮች በ3 ባር አካባቢ ግፊት ነው የሚሠሩት። ቢደፈኑ ይታጠባሉ፤ ዕቃውም አይጠፋም። በቀጥታ የሚረጨው ቱርቦ ግን ከፍተኛ ግፊት ፖምፓ አለው፤ 200 ባርና ከዚያ በላይ ይገፋል። የፖምፓው ክፍሎች እርስ በርስ በጣም የተጠጋጉ ናቸው። የሚያለሰልሳቸውም ቤንዚኑ ራሱ ነው። ውሃና አሸዋ ሲገባ ይፋቃሉ። ያ ፖምፓ ሲበላሽ ጅማ ላይ ዕቃ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

አንድ ግዢ በዝርዝር

የማውቃት ነርስ መኪና ስትፈልግ አብሬያት ዞርኩ። አጋሮ ድረስ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ትመላለሳለች፤ አንዳንዴ አዲስ አበባ ትወጣለች። የቀረቡላት አንዲት 1.3 ቪትዝና አንዲት ባለ 3 ሲሊንደር 1.0 ቱርቦ ነበሩ። ልቧ ቱርቦዋ ላይ ነበር። ዳገቱን ስትወጣ የሚሰማትን ስላየሁ አልፈርድባትም።

ከማስነሳታችን በፊት ሁለቱንም ቀዝቅዘው አገኘናቸው፤ ቀድመን ለሻጮቹ እንዳያሞቁ ነግረን ነበር። ቪትዟ ስትነሳ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ አወጣች፤ ጠፋ። ባለቤቱ ሳይደብቅ፣ "በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር አካባቢ ትበላለች" አላት። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ግን ክዳኑ ስር ጭቃ የለም።

ባለ ቱርቦዋ ያለ ጭስ ተነሳች። በሚኒሞ ግን በትንሹ ትርገፈገፋለች። ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ትንሽ መንቀጥቀጥ ስላለው እሱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም። ወደ ቱርቦው የሚገባውን የአየር ቱቦ ፈታንና ዘንጉን በጣት ነካነው። ወደ ጎን ትንሽ መላወስ ጤነኛ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይም ቢላዎቹ ቤቱን ከነኩ አልቋል። የሷ ደህና ነበር። ቀጥለን የመጨረሻው የዘይት ጀሪካን የት አለ ብለን ጠየቅን። ጀሪካን የለም። "ጋራዥ ነው የሚቀይሩልኝ፣ ከበርሜሉ" አለ ሻጩ። ከገዛት ጀምሮ እንደዚያው ነው።

በዚህ ጊዜ መካኒኩን እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካውን የኮምፕረሽን መለኪያ አምጣ አልነው። አንድ የጅማ ልጅ ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ዳርቻ ግፊት የተለካ ነው። መጽሐፉ 14 ባር ካለ እዚህ ጤነኛ ሞተር 11.5 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር አልቋል ተብሎ የወረደበት አጋጣሚ አይጠፋም። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ነው የምናወዳድረው። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጡ፤ ነዳጁ ተቋረጠ፤ የቤንዚን መስጫው ሙሉ ተረግጦ ሞተሩ ተዞረ። አንደኛው 11.5፣ ሁለተኛው 11.3፣ ሦስተኛው 8.7።

በሲሊንደሮች መካከል እስከ 10 በመቶ ልዩነት ቢኖር ልብ አይሰጠውም። ይህ ግን 24 በመቶ ነው። ሞተሩ ሳይወርድ ፒስተኑ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ቫልቭም ሊሆን ይችላል። ሆኖም የበርሜል ዘይት የጠጣ ቱርቦ፣ አንድ ሲሊንደር ብቻ የደከመበት፣ ሌሎቹ እኩል የሆኑ፤ የፋሻ መቀመጫ ስንጥቅ ሲኖር የሚታየው እንዲህ ነው። የሻጩን ቅንነት አመሰገንንና ተውናት። ቪትዟ በአራቱም ሲሊንደር ከ10 በላይ፣ ተቀራራቢ ቁጥር አሳየች። ነርሷ እሷን ገዛች።

ሦስቱ ሲሊንደር እኩል ቢሆንና ሻጩ የኤስፒ ዘይት ጀሪካን ቢያሳየን ኖሮ ቱርቦዋን ግዢ እላት ነበር። ወደ አጋሮ ያለው መንገድ ሞተሩን በደንብ ያሞቀዋል፤ አዲስ አበባ ስለምትወጣም የዓመት ዘይቷን ከዚያው ታመጣለች። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ በየ5,000 ቢቀየር፣ ሦስት ቅያሪ ነው። ቪትዟ በሦስቱ 10.5 ሊትር መካከለኛ ዘይት፣ ለምትበላው ደግሞ ሌላ 7.5 ሊትር፣ በድምሩ 18 ሊትር ትፈልጋለች። 4 ሊትር የምትይዘው ቱርቦ 12 ሊትር ሙሉ ሲንተቲክ ይበቃታል። የዕለቱን ዋጋ ጠይቃችሁ አባዙት፤ ብዙ ሰው እንደሚፈራው የሰማይና የምድር ልዩነት አይወጣም። ቱርቦን ውድ የሚያደርገው የዘይቱ ዋጋ ሳይሆን ትክክለኛው ዘይት በሚያስፈልግበት ቀን አለመገኘቱ ነው። ትርፍ 4 ሊትር ቤት አስቀምጡ።

መኪናዋ ከከተማ የማትወጣ፣ ጋራዡ ከበርሜል የሚቀዳ፣ ቤንዚኑም ብዙ ጊዜ በሃይላንድ የሚገኝ ከሆነ ግን ምርጫው ቪትዟ ናት። እዚህ ላይ አልወላውልም።

ያልታመነ ቤንዚን የግድ ከተቀዳ

መንገድ ላይ አልቆባችሁ ከጀሪካን መግዛት የግድ ሲሆን ሁለቱን ሞተሮች በተለያየ መንገድ ነው የምትይዟቸው። ለሁለቱም መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን ደረቅ ይተወዋል። ላምባ ወይም ናፍጣ ያለበት ቅባት የመሰለ ክብ ይተዋል። ሃይላንዱንም ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከስር ይለያል፤ ያንን የታችኛውን አትቅዱ።

ለቪትዟ የምትፈልጉትን ያህል ቅዱና ዳገት ላይ ስታንኳኳ ማርሽ ቀንሳችሁ እግራችሁን አቅልሉ። ለባለ ቱርቦዋ ግን የሚቀጥለው ማደያ የሚያደርሳችሁን ብቻ ቅዱ። ሳልባትዮው ውስጥ ግማሽ ቤንዚን ካለ ሁለት ሦስት ሊትር ያልታመነ ሲቀላቀል ይሳሳል፤ ባዶ ላይ ሲገባ ግን ሙሉውን ትጠጣዋለች። ስለዚህ ከግማሽ በታች አታውርዱ። ስትነዱም በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ዳገት አትግፉ፤ ቀንሱና ሞተሩ ከ2,500 ዙር በላይ ይዙር። ድምፁ ቢበዛም ለእሱ የሚቀለው ያ ነው። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን በእጅ ወደሚመረጥበት ቦታ አምጡት። ማደያ ስትደርሱ ሙሉ ቅዱና የሞተር መብራቱን እዩ። እየብለጨለጨ ከሆነ አንድ ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ አትንዷት፤ ጎትቱና ካንዴላው ይታይ።